ከበዓሉ በፊት ቦዩን እንጥረግ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የወጣቶች ክፍላችን ለበዓሉ የሰፈር ጽዳት 24 በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል። ዘንድሮ ትልቁ ሥራ ከአምልኮ ቤታችን በር ፊት ያለው የፍሳሽ ቦይ ነው። አስፋልቱ የፈለገውን ያህል ቢጠረግ፣ ቦዩ ከተደፈነ አንድ ዝናብ ቆሻሻውን መልሶ መንገዱ ላይ ይተፋዋል።

ቦዩን ለክተነዋል። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደለል ተኝቷል። ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሲባዛ ግን 2.4 ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ጆንያ 25 ሊትር ብንሞላ እንኳ ወደ 96 ጆንያ ይፈጃል። ስለዚህ "ሃያ ጆንያ ይበቃል" የሚል ካለ እባካችሁ አትስሙት። ጆንያው እስከ አፉ አይሞላ፤ እርጥብ ጭቃ ከባድ ስለሆነ በግማሹም ቢሆን ለሁለት ሰው ሸክም ነው።

ሥራው የሚጀመረው በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ነው። ዋዜማው ላይ ያላደረግነው፣ የወጣው ጭቃ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ አንድ ቀን ማደር ስላለበት ነው። በማግስቱ ሲጫን ቀለል ይላል፤ መንገድ ላይም አይንጠባጠብም። የሚጭነው መኪና ሳይረጋገጥ ግን አካፋ አይነሳም። ክምሩ ሳይነሳ ከቀረ ለበዓል የመጣው ሕዝብ እየረገጠ ወደ ቦዩ ይመልሰዋል። ለዚሁ ሲባል ጭቃው ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይቀመጥ።

ቁፋሮው ከታች፣ ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ከተጀመረ የተፈታው ደለል ወርዶ የተደፈነውን ጫፍ ይብስ ይዘጋዋል፤ ቆፋሪውም የታቆረ ውሃ ውስጥ ይቆማል። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ስድስት ስድስት ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች ሲሆኑ በየግማሽ ሰዓቱ ከቀሩት 12 ሰዎች ጋር ይቀያየራሉ። ከየቡድኑ አንድ ሰው ከአካፋው ቀድሞ በረጅም እንጨት ጭቃውን እየገላለጠ ጠርሙስና መርፌ ይፈልግ። መርፌ ከተገኘ በመቆንጠጫ ተይዞ ክዳን ወዳለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ይገባል እንጂ በጆንያ አይጣልም። ጆንያውን የሚሸከመውን ሰው ይወጋዋልና።

ክዳን ያለው ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይግባ። ከታች የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል፤ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይወድቃል። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሲያልቅ ከላይኛው ጫፍ ሁለት ባልዲ ውሃ እናፈስሳለን። ውሃው የቆመበት ቦታ ካለ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያልወጣ ደለል አለ ማለት ነውና እንደገና ይቆፈራል።

ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እጁ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጭቃው ውስጥ አይግባ፤ መኪና የሚጠብቅና ለእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና የሚይዝ ሰውም ያስፈልገናል። ከጸሎቱ በኋላ በሩ አጠገብ ለተቀመጡት ወጣቶች ስማችሁን አስመዝግቡ።