«እሺ» የተባለ ፕሮፎርማ አይደለዝም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ፦ «የብረት ወርክሾፕ አለኝ። ዘጌ ለሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ የግቢ በርና መስኮት ፕሮፎርማ ሰጠሁ። ደንበኛው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ደወለና ‹ጀምር› አለኝ። ብረት ጨምሮ ስለነበር ኮምፒውተሬ ላይ ዋጋውን አስተካክዬ ሥራውን ጀመርኩ። መሐል ላይ እሱም ሁለት ሦስት ነገር አስለወጠኝ። ስንተሳሰብ የድሮዋን ወረቀት ይዞ መጣ። የኔ ሂሳብ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አቃተኝ። እንዴት መሥራት ነበረብኝ?»

ነገሩ የተበላሸው ፋይሉን ከፍተው ቁጥሩን የቀየሩ ዕለት ነው። ዋጋ መጨመርዎ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አሮጌው ዋጋ ከእርስዎ ዘንድ ጠፍቶ ደንበኛው ኪስ ውስጥ ታትሞ መቅረቱ ነው። አንድ የፕሮፎርማ ቁጥር ሁለት ዋጋ ኖረው። ከዚያ ወዲህ የተነጋገራችሁት ሁሉ እሱ ከአንዱ ዋጋ፣ እርስዎ ከሌላው ዋጋ ተነስታችሁ ነው።

ስለዚህ ከእጅ የወጣ ፕሮፎርማ አይነካም። ዋጋው ከተለወጠ በዚያው ቁጥር ላይ «/2» ተጨምሮ ሌላ ወረቀት ይወጣል። አሮጌው «/1» ሆኖ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

የእርስዎን ሥራ በምሳሌ እንየው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው። ፕሮፎርማ ቁጥር 031/1 ሦስት መስመር አለው እንበል። መስመር 1 የግቢ በር 95,000 ብር። መስመር 2 ስምንት መስኮት፣ አንዱ በ14,000፣ 112,000 ብር። መስመር 3 ተከላ 13,000 ብር። ድምሩ ከቫት በፊት 220,000 ብር ነው። ከታች «ይህ ዋጋ ለ10 ቀን ይጸናል» ይላል።

ደንበኛው በ24ኛው ቀን «ጀምር» አለ። ያቺ ወረቀት ግን ጊዜዋ አልፏል። ስለዚህ «ጀምር» ያለው እንደ አዲስ ጥያቄ ነው የሚቆጠረው። በስልክ እሺ ብለው ሥራ ከመጀመር ይልቅ «ጋሼ፣ ዋጋው ተለውጧል፣ አዲሱን ልላክልዎት» ይሉታል። የመስኮቱ አርኤችኤስ፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘኑ ቱቦ ብረት፣ ጨምሮ አንዱ መስኮት 15,500 ገብቷል እንበል። 031/2 ይወጣል፤ መስመር 2 124,000፣ ድምሩ 232,000 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «031/1ን ይተካል፤ የተለወጠው መስመር 2 ብቻ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ደንበኛው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር ሲፈልግ አይውልም።

ደንበኛው ሲቀበል ቁጥሩን ጠቅሶ ይቀበል። «እሺ» ብቻ አይበቃም። በቴሌግራም «031/2ን ተቀብያለሁ» ብሎ ቢጽፍልዎት ጥሩ ነው። ፊርማ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። «ተቀብያለሁ፣ ግን መስኮቱን በ15,000 አድርገው» ካለ አልተቀበለም ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1694 ከቀረበው ሐሳብ ጋር ያልገጠመ መልስ እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል ይላል። በ15,000 ከተስማሙ 031/3 ያወጣሉ። ካልተስማሙ ደንበኛው 031/2ን እንደገና ጠቅሶ እስኪቀበልና እርስዎም እስኪስማሙ ድረስ ውል የለም።

ደንበኛው 031/2ን እንዳለ ተቀበለ እንበል። አሁን ትዕዛዙ ይከፈታል። ብዙ ወርክሾፕ ፕሮፎርማውን ራሱን እንደ ትዕዛዝ ሲሠራበት አያለሁ። አንድ ሰሞን ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ለውጥ ሲመጣ ግን ወረቀቱ በእስክሪብቶ ይደለዝና የተስማማችሁበት ዋጋ ከሥሩ ይጠፋል። ትዕዛዙ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ት-018 እንበል። ራስጌው ላይ «ከ031/2 የተወሰደ» ይባል። ሦስቱ መስመሮች ከነቁጥራቸውና ከነዋጋቸው እንዳሉ ይገለበጡ። የሚሠሩበት ንድፍ፣ የማስረከቢያው ቀንና የቅድሚያ ክፍያው ደረሰኝ ቁጥርም እዚያው ይግባ። እዚህ ላይ የተጻፈ ዋጋ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። ነገ የዋጋ ዝርዝርዎን ቢያድሱ እንኳ ት-018 በነበረበት ይቆያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የለውጥ ወረቀት ነው። አንድ ለውጥ፣ አንድ ወረቀት። የትኛው መስመር እንደተነካ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ለምን እንደሆነና በየትኛው ቀን እሺ እንደተባለ ይጻፍበታል። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት እሺ ይባላል። ከተቆረጠ በኋላ የሚጻፍ የለውጥ ወረቀት ደንበኛው ካልፈለገ የማይከፍለው ሂሳብ ይሆናል።

ደንበኛው የበሩ ላሜራ ከ1.2 ሚሊ ወደ 1.5 ሚሊ ይሁንልኝ አለ እንበል። ለውጥ 1፦ መስመር 1፣ ሲደመር 9,000፣ በደንበኛ ጥያቄ። ቀጥሎ አንድ መስኮት አስቀረ። ለውጥ 2፦ መስመር 2፣ ሲቀነስ 15,500፣ በደንበኛ ጥያቄ። መስመር 2 ላይ ያለውን «8» ሰርዘው «7» አያድርጉት። ስምንት ተስማምታችሁ ነበር፤ ስምንትነቱ እዚያው ይታይ። የተቀነሰው በለውጡ ወረቀት ላይ ይታያል። መስኮቱ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀነሰው ሙሉው 15,500 አይሆንም። የባከነው ዕቃና የእጅ ዋጋ ተነስቶ የቀረው ብቻ ነው የሚቀነሰው።

ሦስተኛው ለውጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ዕቃው ወደ ዘጌ በጀልባ ሊሻገር ሆነ። የጀልባና የጫኝ 6,000 ብር መጣ። ፕሮፎርማው «ተከላ» ይላል እንጂ ማጓጓዣ ለብቻው አልተጻፈም። ደንበኛው ማጓጓዣውም ዋጋው ውስጥ የተካተተ መስሎታል፤ እውነቱን ነው። ይህ የወርክሾፑ ስህተት ነው። ስለዚህ ለውጥ 3፦ ማጓጓዣ፣ ወጪ 6,000፣ ከደንበኛ የሚጠየቅ 0፣ ምክንያት የእኛ ስህተት። ዜሮ ቢሆንም ይጻፋል። ካልተጻፈ ሥራው ያተረፈ ይመስልዎታል፣ ለሚቀጥለው የዘጌ ሥራም ያንኑ ዋጋ ይሰጣሉ።

ሂሳቡ እንግዲህ እንዲህ ይወጣል። 232,000 ሲደመር 9,000 ሲቀነስ 15,500፣ ከቫት በፊት 225,500 ብር። ለቫት የተመዘገቡ ከሆኑ 15 በመቶው 33,825 ነው፤ በጠቅላላ 259,325 ብር። ደንበኛው 031/1ን ይዞ ቢመጣም አይደነግጡም። ከ220,000 ወደ 232,000 የወሰደው 031/2 ነው፣ ራሱ በጽሑፍ ተቀብሎታል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁለቱ የለውጥ ወረቀቶች ያሳዩታል።

አድማጭ፣ ከጎርጎራ፦ «እኔ ጀልባ አሠሪ ነኝ። ቀብድ ከፍዬ ዋጋ ቆርጠን ነበር። አሁን ሠሪው ላሜራ ጨምሯል፣ ጨምር ይለኛል። መጨመር አለብኝ ወይ?»

መጀመሪያ ውላችሁን ይዩ። «የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ይታሰባል» የሚል ነገር ከሌለ ዋጋው የተቆረጠው ነው። ሥራው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይለወጥም፤ ሕጉ ውሉ እንደጸና ይቆያል ነው የሚለው። ግን አንድ ነገር ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ ውሉን ሊተው ይችላል። ቀብድ የሰጠ ደግሞ ቀብዱን ትቶ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ከሆነና ላሜራው በጣም ከጨመረ ሠሪው እጥፉን ከፍሎ መውጣት ሊሻለው ይችላል። በዚህ ምክንያት ለወርክሾፕ ሥራ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ከማለት «የቅድሚያ ክፍያ፣ ለት-018» ቢባል እመርጣለሁ። ገንዘቡ የዋጋው አካል መሆኑና የየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

ሠሪዎችንም ልምከር። የዕቃ ዋጋ ጭማሪ የሚፈሩ ከሆነ ትዕዛዙ ላይ አስቀድመው ይጻፉት፤ «ዕቃ ከጨመረ» ተብሎ በደፈናው ግን አይሁን። የትኛው ዕቃ፣ በፕሮፎርማው ቀን አንዱ ስንት ብር እንደነበር፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ለምሳሌ አሥር ላሜራ የሚፈልግ ጀልባ ከሆነና ስድስቱ በቅድሚያ ክፍያው ወዲያው ከተገዙ፣ ጭማሪ ሊጠየቅ የሚችለው በቀሩት አራቱ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም በነጋዴው ደረሰኝ ልክ። እርስዎም አሁን ሠሪውን «ላሜራውን መቼ ገዛህ? ደረሰኙን አሳየኝ» ይበሉት። ቀብዱን በተቀበለ ማግስት ከገዛ የዛሬው ዋጋ እርስዎን አይመለከትም። እንዲያም ሆኖ ለመጨመር ከተስማሙ በቃል አይሁን። የለውጥ ወረቀት ይጻፍ፣ ምክንያቱም «የዕቃ ዋጋ» ይባል።

አድማጭ፣ ከባሕር ዳር፦ «የእንጨት ሥራ ላይ ነኝ፣ ሂሳቡን የምይዘው በኤክሴል ነው። ለውጥ ሲመጣ አዲስ ፋይል አስቀምጣለሁ። አሁን ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ 2› የሚሉ ፋይሎች በዝተውብኝ የቱ ትክክል እንደሆነ ጠፋኝ።»

እህቴ፣ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ፋይል ይበቃል። ከላይ የተስማሙበት መስመሮችና ድምራቸው ይሁኑ። ከሥር የለውጦቹ ሰንጠረዥ ይኑር፤ አንድ ለውጥ በአንድ ረድፍ፣ የሚቀነሰው ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ። የመጨረሻውን ዋጋ በእጅ አይጻፉት፣ ቀመሩ ያውጣው። የተስማሙበት ድምር B10 ላይ፣ የለውጦቹ ልዩነት ከD14 እስከ D30 ቢሆን፦

```
=B10+SUM(D14:D30)
```

የላይኛውን ክፍል ቆልፈው ያስቀምጡ። ኤክሴል ውስጥ Review ከዚያ Protect Sheet ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የለውጦቹን ረድፎች መርጠው Format Cells ውስጥ Locked የሚለውን ያንሱ፣ ካልሆነ እነሱም አይጻፍባቸውም። ደንበኛ ወረቀት ሲቀበል በፒዲኤፍ ይላኩ እንጂ ኤክሴሉን አይላኩ።

ለማጣራት ያለቀ አንድ ሥራ ይውሰዱ። የመጨረሻውን ደረሰኝ እንዳያዩት በፊቱ ደፍተው ያስቀምጡና ከተቀበሉት ፕሮፎርማና ከለውጦቹ ብቻ ተነስተው ዋጋውን ያውጡ። ደረሰኙን ሲገልጡት ካልገጠመ በቃል የተደረገ ለውጥ አለ ማለት ነው። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ካዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደነበር ያስታውሱታል፤ ያንን ሳይረሱት ዛሬውኑ በረድፉ ያስገቡት።