አንድ አገር፣ ሁለት ተከሳሾች፣ ሁለት ውሳኔ፦ የአገር ፍርድ ቤት «ጉዳዩን ይዣለሁ» ሲል ምን ማሳየት አለበት?

ክቡራትና ክቡራን፣

መቀመጫው በሄግ የሆነው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የዘር ማጥፋትንና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚዳኘው ከአገር ፍርድ ቤቶች ቀጥሎ ነው። ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የሮም ስምምነት በአንቀጽ 17 እንደሚለው፣ አንድ ጉዳይ ሥልጣን ባለው አገር እየተመረመረ ወይም እየተከሰሰ ከሆነ፣ ያ አገር ሥራውን በእውነት ለማካሄድ ፈቃዱን ወይም ችሎታውን ካላጣ በስተቀር፣ በሄግ ተቀባይነት አይኖረውም። ቀደም ሲል ለዩጎዝላቪያና ለሩዋንዳ የተቋቋሙት ፍርድ ቤቶች ግን ቀዳሚነት ስለነበራቸው፣ ከአገር ዳኞች እጅ መዝገብ እስከ መረከብ የሚደርስ ሥልጣን ነበራቸው።

ደንቡ ሲነበብ ግልጽ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ትርጉሙ የሚታወቀው በመዝገብ ላይ ሲፈተን ነው፤ ለዚህም ከሊቢያ የተሻለ ፈተና አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊቢያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። የጸጥታው ምክር ቤት ግን በየካቲት 2011 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1970 የአገሪቱን ሁኔታ ለፍርድ ቤቱ መራ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር፣ በተቃውሞ በወጡ ሰላማዊ ሰዎች ላይ ተፈጽመዋል በተባሉ ግድያዎችና ማሳደድ፣ በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል በሦስት ሰዎች ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ። እነርሱም ሙአመር ጋዳፊ፣ ልጃቸው ሰይፍ አል-ኢስላም እና የስለላ ኃላፊው አብዱላህ አል-ሰኑሲ ነበሩ። ሙአመር ጋዳፊ በጥቅምት ሲገደሉ ጉዳያቸው ተዘጋ። አዲሱ የሊቢያ መንግሥት ደግሞ የቀሩትን ሁለቱን እኔው ራሴ እዳኛለሁ ሲል ለሄግ መቃወሚያ አቀረበ።

ችሎቱ መቃወሚያዎቹን በሁለት ደረጃ መረመረ። መጀመሪያ የጠየቀው፣ በአገር ቤት የተያዘው ጉዳይ በእርግጥ ያው ጉዳይ ነው ወይ የሚለውን ነው። ሰውየው አንድ መሆኑ አይበቃም፤ የተጠረጠረበት ድርጊትም በመሠረቱ አንድ መሆን አለበት። ይህ መመዘኛ በ2011 በኬንያ ጉዳይ በይግባኝ የጸና ሲሆን፣ ያን ጊዜ ኬንያ ልታደርግ ያሰበችውን የፍትሕ ማሻሻያ ብትዘረዝርም በተጠርጣሪዎቹ ላይ የተጀመረ ተጨባጭ ምርመራ ማሳየት አልቻለችም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ የፈቃድና የችሎታ ነው፤ ይህም የሚነሳው የመጀመሪያው ከተመለሰ በኋላ ነው። መንግሥታት ብዙ ጊዜ የሚሟገቱት በሁለተኛው ላይ ነው፤ የሚሸነፉት ግን በመጀመሪያው ነው።

በሰይፍ አል-ኢስላም ጉዳይ የሆነውም ይኸው ነው። ቅድመ ክስ ችሎቱ በግንቦት 2013 የቀረበለትን ማስረጃ ሲመዝን፣ የተወሰኑ የምርመራ እርምጃዎች መወሰዳቸውን ተቀበለ፤ ነገር ግን ከተበታተኑት ቁርጥራጮች የአገር ቤቱ ክስ ምን ምን እንደሚሸፍን ለይቶ ማወቅ አልቻለም። ከዚህም በላይ ተጠርጣሪው የታሰረው በትሪፖሊ መንግሥት እጅ ሳይሆን በዚንታን ከተማ በአካባቢው ታጣቂዎች ዘንድ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት እርሱን ማስመጣት አልቻለም፤ በማጎሪያዎች ላይ ሙሉ ቁጥጥር ስላልነበረው ምስክሮችን ማግኘት ተቸገረ፤ ጠበቃም ሊያቆምለት አልቻለም። በሁለተኛው ጥያቄ ላይም ችሎቱ የፈረደው የሊቢያን መንግሥት ቅንነት በመጠርጠር አልነበረም፤ በችሎታ ማጣት ነበር። የይግባኝ ችሎቱም በግንቦት 2014 ውሳኔውን አጸና።

አሁን አል-ሰኑሲን እንመልከት። እርሱ በሞሪታኒያ ተይዞ በ2012 ለሊቢያ ተላልፎ የተሰጠ ሲሆን፣ የታሰረው በትሪፖሊ፣ በመንግሥት እጅ ነበር። በዚህ ጊዜ ሊቢያ የምስክሮች ቃልና የጽሑፍ ሰነዶች አቅርባ፣ ምርመራው በሄግ የተጠረጠረበትን ድርጊት እንደሚሸፍን ማሳየት ቻለች። በጥቅምት 2013 ያው ችሎት ጉዳዩ በሄግ ተቀባይነት የለውም ሲል ወሰነ። በሐምሌ 2014 ደግሞ ይህ ውሳኔ በይግባኝ ጸና።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም አል-ሰኑሲም ጠበቃ አልነበረውም። ተከላካዮቹ ይህን አጥብቀው ቢያነሱም የይግባኝ ችሎቱ የሰጠው መልስ የመርሁን ወሰን የሚያሳይ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አይደለም፤ የአገር ቤት የፍርድ ሥርዓት ጉድለት ብቻውን ጉዳዩን ወደ ሄግ አያመጣውም። የሚያመጣው ጥሰቱ እጅግ ከብዶ ሂደቱ ምንም ዓይነት እውነተኛ ፍትሕ ሊሰጥ ከማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ነው። በሐምሌ 2015 የትሪፖሊ ፍርድ ቤት በአል-ሰኑሲ ላይ፣ በሌለበት ደግሞ በሰይፍ አል-ኢስላም ላይ የሞት ቅጣት ወሰነ። የሄግ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት ስለማይፈርድ፣ የአገር ቤት ቀዳሚነት ለተከሳሹ የቀለለ መንገድ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ጉዳዩ በሄግ ተቀባይነት የለውም የተባለበት ውሳኔ እንዲከለስ የሄግ ዐቃቤ ሕግ አዲስ ነገር ሲገኝ ሊጠይቅ እንደሚችል ስምምነቱ በአንቀጽ 19 ቢፈቅድም፣ የመመዘኛው ደፍ ግን ያው ከፍተኛው ነው።

ሰይፍ አል-ኢስላም በበኩሉ በምሕረት ሕግ መለቀቁ ከተነገረ በኋላ በ2018 ተመልሶ፣ በአገሬ ስለተፈረደብኝ ዳግመኛ ልከሰስ አይገባም ሲል ተከራከረ። የይግባኝ ችሎቱ በመጋቢት 2020 ክርክሩን አልተቀበለም፤ በሌለበት የተሰጠ፣ ገና የመጨረሻ ያልሆነ ፍርድ ዳግም ክስን አያግድም። ስለዚህ በአንድ ችሎት በአንድ ቀን የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ከሄግ ነጻ ሆኖ ሲቀር ሌላኛው በእስር ማዘዣ ሥር ቆየ።

ከዚህ መዝገብ የምናገኘው፣ ለዘር ማጥፋት ጉዳይ በተለይ የሚከብድ ሌላ ነጥብ አለ። የሊቢያ ሕግ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን በስሙ አያውቀውም ነበር፤ ክሱ የተመሠረተው በመደበኛ ወንጀሎች ነው። ችሎቱ ይህን ተቀበለ፤ ወሳኙ የተመረመረው ድርጊት እንጂ የተሰጠው የሕግ ስም አይደለም አለ። በሰብዓዊነት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ይህ አስኬጅ ሊሆን ይችላል። የዘር ማጥፋት ግን ልዩነቱ በልብ ሐሳብ ላይ ነው፤ ብሔርን፣ ጎሣን፣ ዘርን ወይም የሃይማኖት ቡድንን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት የታሰበ መሆኑ ካልተረጋገጠ ወንጀሉ የለም። በተራ የነፍስ ግድያ ክስ ውስጥ ይህን ሐሳብ የሚያስረዳ ማንም አይኖርም።

የሩዋንዳው ፍርድ ቤት በ2006 ይህንኑ ገጥሞት ነበር። በዘር ማጥፋት የተከሰሰው የሚሼል ባጋራጋዛ ጉዳይ ወደ ኖርዌይ እንዲተላለፍ ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀ። ኖርዌይ ፈቃዷም ችሎታዋም አላጠያየቀም፤ ነገር ግን ሕጓ ያን ጊዜ የዘር ማጥፋትን ስለማያካትት ሰውየው ሊከሰስ የሚችለው በነፍስ ግድያ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ አላስተላልፍም አለ፤ ውሳኔው በይግባኝም አልተለወጠም። ይህ ፍርድ ቤት ራሱ ቀዳሚ ስለነበር መዝገቡን ይዞ መቆየት ይችላል። ሄግ ግን ተከታይ ስለሆነ፣ በሊቢያው አመዛዘን ከሄደ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለአገሩ መተው ሊኖርበት ነው። ሁለቱ አመዛዘኖች የሚታረቁበት ግልጽ ጽሑፍ በሮም ስምምነት ውስጥ የለም። በእኔ እምነት ክፍተቱን መዝጋት የሚችለው የአገር ሕግ አውጪ ነው፤ የዘር ማጥፋትን ከልዩ ሐሳቡ ጋር በወንጀል ሕጉ ሲደነግግ ዐቃቤ ሕጉ ያንን ሐሳብ ለማስረዳት ይገደዳል።

የባጋራጋዛ መዝገብ ከዚያ በኋላ ወደ ኔዘርላንድስ ቢላክም፣ እዚያም የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች በሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ላይ ሥልጣን እንደሌላቸው ስለታወቀ ማስተላለፉ ተሻረ። በመጨረሻም የሩዋንዳው ፍርድ ቤት በተቀመጠበት በአሩሻ ለዘር ማጥፋት ተባባሪነት ጥፋተኝነቱን አምኖ፣ በ2009 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አመሰግናለሁ።