«አጎቴ፣ ካፕ!»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ስለ አንዲት ቃል ላወራችሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግሬ እሄድ እንደነበር አወራሁ። የ15 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና አለና «አጎቴ፣ ካፕ!» አለኝ። ካፕ ውሸት ማለት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔ አባቴን «ዋሸህ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ፖድካስት የሚሰራ ሰው አይኖርም ነበር።

እህቴ ሳቀች። «ምን ያስቆጣሃል? ቀደድክ ነው እኮ ያለህ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈር ውስጥ የሚቀድ ሰው ወሬ አሳማሪ ነው እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ካፕም እንደዚያ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ቃሉን ድሮም ለጉራና በነገር ለመበላለጥ ይጠቀሙበት ነበር። ከዚያ የአትላንታ ራፐሮች አነሱት። በ2017 ፊውቸርና ያንግ ታግ «ኖ ካፕ» የሚል ዘፈን አወጡ፤ ቆይቶም ቃሉ የሁሉም ወጣት ሆነ። አንዳንዶች ነገሩን ከወርቅ ጥርስ ጋር ያያይዙታል፤ ካፕ የሚወልቀው ሽፋን ነው ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፣ ግን እሱ ራሱ ካፕ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የገረመኝ ቃሉ አሁን የደረሰበት ነው። ልጁ ከጓደኛው ጋር ሲጻጻፍ አየሁት። ጓደኛው «ሜሲ ከሮናልዶ ይበልጣል» ብሎ ጽፏል። የሱ መልስ ይህቺ ሰማያዊ ኮፍያ ብቻ ናት፦ 🧢። ግን እዚህ ማን ዋሸ? ጓደኛው የሚያምነውን ነው የተናገረው። ስለዚህ ካፕ «አልስማማም»፣ «ባክህ ተወኝ» ወደ ማለት ሄዷል።

«ኖ ካፕ» ደግሞ ከዚህም ርቋል። መጀመሪያ «አልዋሸሁም» ማለት ነበር። አሁን ልጁ ሽሮውን ቀምሶ «ይጣፍጣል፣ ኖ ካፕ» ይላል። አይጣፍጥም ብሎ የተከራከረው የለም እኮ! እኛ «ማርያምን ደክሞኛል» እንደምንለው ነው። መሐላው ቀርቶ ማጠንከሪያው ብቻ ተረፈ። የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ማርያምን የሚል ሰው አንዳንዴ ከማይምለው በላይ ያጠራጥራል። ኖ ካፕ የሚያበዛም እንዲሁ።

ለማንኛውም ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። እህቴ በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ «ሁለት ሰዓት? አርባ ደቂቃ ነበር እኮ!» ብላ ጽፋለች።

ከስሯ የልጁ መልስ መጣ፦ 🧢🧢🧢