የጓደኛ መጽሐፍ መካከለኛ ሲሆን፦ እውነቱን ሳይሸፍኑ ሂስ መጻፍ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ፤ በገጾቹ መካከል ብጣሽ ወረቀቶች ተሰክተዋል።]

ጓደኛችሁ የጻፈው መጽሐፍ ግሩም ከሆነ ሂስ ለመጻፍ አትቸገሩም። ፈጽሞ የማይረባ ከሆነም ዝም ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ አልተናደዳችሁም፣ አልተደነቃችሁምም፤ አንዱ ምዕራፍ ልባችሁን ነክቶታል፣ የቀረው ግን ሳምንት ሳይሞላ ከአእምሯችሁ ጠፍቷል። እንዲህ ስላለው መጽሐፍ «ጥሩ ነው» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል፤ «ጥሩ አይደለም» ማለትም እንዲሁ ያን አንዱን ምዕራፍ መካድ ነው። በዚህ ቪዲዮ የምናየው፣ ጓደኛችሁ እያዘነም ቢሆን ሊቀበለው የሚችል ሂስ እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

ከሁሉ በፊት ሂሱን መጻፍ ያለባችሁ እናንተ መሆናችሁን አጣሩ። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የጽሑፎቹ ስብስብ ለሃያስያን የሚሆኑ ደንቦችን ዘርዝሯል፤ ከእነዚህም አንዱ፣ አስቀድማችሁ ልትጠሉት የተዘጋጃችሁትን ወይም በወዳጅነት ምክንያት ልትወዱት የምትገደዱበትን መጽሐፍ ለሂስ አትቀበሉ የሚል ነው። ደንቡ ጠንካራ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ጸሐፊዎቹ ሁሉ በሚተዋወቁበት ጠባብ ዘርፍ ቃል በቃል ከተወሰደ ሂስ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምርጫው የእናንተ አይደለም። አማዞን በደንበኞች አስተያየት ደንቡ የደራሲው የቅርብ ጓደኛና ቤተሰብ አስተያየት እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጓደኛችሁ «እባክህ እዚያ ላይ አንድ ነገር ጻፍልኝ» ቢላችሁ ደንቡን ነግራችሁት ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። አንድ መጽሔት ወይም ጋዜጣ ከጠየቃችሁም ከደራሲው ጋር ያላችሁን ቅርበት ለአዘጋጁ አስቀድማችሁ አሳውቁና ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት።

እንግዲህ ሂሱ ለእናንተ ደርሷል እንበል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለምሳሌ ያህል አንድ መጽሐፍ እንፍጠር።

[ጽሑፍ በማያ ገጹ ላይ፦ ልቦለድ፣ 264 ገጽ። ሦስት ወንድማማችና እኅትማማች የሟች አባታቸውን ቤት ለመሸጥ ይሰባሰባሉ።]

የመጀመሪያውን ንባብ ምንም ሳትጽፉ ጨርሱት፤ ያኔ የምታነቡት እንደ ጓደኛ ነው፣ ድምፁም ጆሯችሁ ላይ ይመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እርሳስ ይዛችሁ እንደገና ስታነቡት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ይህ መጽሐፍ ከሁሉ በላይ የተሳካለት የት ላይ ነው? መካከለኛ መጽሐፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ቦታ አለው። እኛ በፈጠርነው ልቦለድ ይህ ቦታ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። እኅትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የአባቷን አሮጌ የሐዋላ ደረሰኞች በየዓመታቸው ትለያለች። ተራኪው ስሜቷን አይነግረንም። አንባቢው ከደረሰኞቹ ብቻ አባትየው ልጆቹ ለማያውቁት ሰው ለዓመታት ገንዘብ ሲልክ እንደኖረ ይደርስበታል።

ያ ምዕራፍ በእጃችሁ ያለ መለኪያ ነው። የጓደኛችሁን መጽሐፍ ከታላላቅ ደራስያን ሥራ ጋር ብታነጻጽሩት፣ እሱም «እኔ መቼ እንደ እነሱ ነኝ አልኩ?» ቢላችሁ መልስ አይኖራችሁም። ከራሱ ከሰባተኛው ምዕራፍ ጋር ብታነጻጽሩት ግን መከራከሪያ ያጥረዋል፤ ምክንያቱም እንዴት እንደሚሠራ እንደሚያውቅ ራሱ አስመስክሯል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሌሎቹ ገጾች ከዚያ ምዕራፍ በምን እንደሚያንሱ መፈለግ ነው። ገጽ 48ን እንመልከት።

[ጽሑፍ በማያ ገጹ ላይ፦ «ቤቱ ይሸጥ» አለ ታላቅየው። ማንም አልመለሰለትም። ሁሉም የልጅነት ትዝታቸው አብሮ ሊሸጥ መሆኑን ተረድተው ክፉኛ አዘኑ።]

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አንብቡና ቁሙ። ታላቅየው ተናገረ፣ ዝምታ ሆነ፤ ትዕይንቱ እዚህ ላይ ሙሉ ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የሚነግረን የቀደሙት ሁለቱ ያሳዩንን ነው። ከዚያም በላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሐዘን እንዳዘኑ አድርጎ ስላቀረበ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ደምስሶታል። እንዲህ ያለው ማብራሪያ በሌሎች ገጾችም እየተደጋገመ ከሆነ የመጽሐፉን መካከለኛነት ምክንያት አገኛችሁት ማለት ነው። ገጾቹን በቁጥር መዝግቧቸው፤ አምስት ስድስት ቦታ ካላገኛችሁ ግን ነገሩ የመጽሐፉ ልማድ ላይሆን ይችላልና ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ሌሎች ድክመቶችም ይኖራሉ፣ የፊደል ግድፈትም፣ የተንዛዛ መግቢያም። የመጽሐፉን ዕጣ ያልወሰነውን ድክመት ሁሉ መዘርዘር ግን ሂሱን የክስ መዝገብ ያስመስለዋል፤ ጓደኛችሁም ዋናውን ነጥብ ከጥቃቅኑ መለየት ያቅተዋል።

አሁን ወደ መጻፉ እንሂድ። በይሉኝታ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው።

[ጽሑፍ በማያ ገጹ ላይ፦ «ደራሲው ተስፋ የሚጣልበት ነው። መጽሐፉ ውብ ትዕይንቶች ቢኖሩትም አልፎ አልፎ ትረካው ይላላል። በአጠቃላይ ግን ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው።»]

ይህ ጽሑፍ ለስላሳ ይመስላል፣ ለጓደኛችሁ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። «ትረካው ይላላል» የሚለውን ሲያነብ የትኛው ገጽ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ገጽ ይጠረጥራል፤ «ተስፋ የሚጣልበት» የሚለውም ገና አልደረሰም ማለት መሆኑን ማንም ጸሐፊ አያጣውም። ዳር ዳር ማለታችሁን አይቶ ከተጻፈው የባሰ ነገር በልባችሁ እንደያዛችሁ ይገምታል። አንባቢውም ቢሆን መጽሐፉን ይግዛው አይግዛው የሚወስንበት አንድም ነገር አላገኘም። አሁን ያንኑ ፍርድ በገጽ አስደግፈን እንጻፈው።

[ጽሑፍ በማያ ገጹ ላይ፦ «ደራሲው ዝምታን መጻፍ ይችላል፣ ነገር ግን አያምነውም። ገጽ 48 ላይ ታላቅ ወንድም ቤቱ እንዲሸጥ ሲጠይቅ ማንም አይመልስለትም፤ ተራኪው ግን ወዲያው ገብቶ የሁሉንም ሐዘን ያስረዳናል። እንዲህ ያለው ማስረዳት በመጽሐፉ የመጀመሪያ አጋማሽ ስለሚደጋገም ሦስቱን ልጆች ለመለየት ያስቸግራል። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እኅትየዋ ደረሰኞቹን ስትለይ ተራኪው ዝም ይላል፤ ያ ምዕራፍ መጽሐፉ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ያሳያል።»]

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ስለ ደራሲው ተሰጥኦ ወይም ስለ ወደፊት ዕድሉ የሚፈርድ ቃል የለበትም፤ የሚናገረው ስለ ገጾች ነው። ሙገሳውም ቢሆን ነቀፋውን ለማለስለስ የተለጠፈ አይደለም፣ በአንድ መስፈርት ከነቀፋው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። የእናንተንም ታማኝነት መፈተሽ ከፈለጋችሁ ደራሲውን ፈጽሞ የማታውቁት ሰው ነው ብላችሁ አስቡና ረቂቁን አንብቡት፤ ያኔ የምትሰርዙት ሙገሳ ካለ አሁኑኑ ሰርዙት፣ የምታለዝቡት ነቀፋ ካለም እንዲሁ አለዝቡት። ሁለተኛው የሚያስፈልገው፣ አድልዎ እንዳይባሉ ብለው በጓደኛቸው ላይ ከሌላው የባሰ የሚጨክኑ ሰዎችም ስላሉ ነው።

ቅርበታችሁንም ለአንባቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፦ «ከደራሲው ጋር የቆየ ጓደኝነት አለን።» በሂሱ መጀመሪያ አካባቢ ይቀመጥ፣ ማብራሪያም ሆነ ይቅርታ አይጨመርበት።

ኮከብ መስጠት ግዴታ የሚሆንበት ቦታም አለ። አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብ በሚሰጡበት ድረ ገጽ በጉድሪድስ ላይ ሦስት ኮከብ ማለት በራሱ በድረ ገጹ አገላለጽ «ወደድኩት» ማለት ነው፣ ሁለት ኮከብ ደግሞ «ደህና ነበር» ማለት። ብዙ ደራስያን ግን ሦስት ኮከብን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ኮከብ ምክንያቱን ይዞ ስለማይጓዝ፣ አማራጭ ባለበት ሁሉ ጽሑፉን ብቻ አስፍሩ።

[ምስል፦ ስልክ የያዘ እጅ።]

ሂሱ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ለጓደኛችሁ በራሳችሁ አንደበት ንገሩት። ወዳጅነትን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የተጻፈው ነገር ብቻ አይደለም፤ ደራሲው ከሌላ ሰው መስማቱ ወይም ከማንም እኩል ማንበቡ ጭምር ነው። በጽሑፍ መልእክት አትላኩት፤ ተገናኝታችሁ ወይም ደውላችሁ ተናገሩት። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ስለ መጽሐፍህ የጻፍኩት ሐሙስ ይወጣል። ሰባተኛውን ምዕራፍ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ብዬዋለሁም። የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ግን ተራኪው ስሜትን ማስረዳት እንዳበዛ ጽፌያለሁ። ድንገት እንዳታየው ብዬ ነው።» ከዚህ በኋላ ዝም በሉና የሚለውን ስሙ። ረቂቁን እንዲያርመው ግን አትስጡት፤ ከሰጣችሁት በየቃሉ ልትደራደሩ ነው፣ በመጨረሻ የሚወጣውም የሁለታችሁ ጽሑፍ እንጂ የእናንተ ሂስ አይሆንም። «ይህን ረቂቁ ላይ ብትነግረኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር» ሊላችሁ ይችላል። ረቂቁን አንብባችሁ ሳትነግሩት ቀርታችሁ ከሆነ ቅሬታው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ረቂቁን አንብቦ «ግሩም ነው» ያለ ሰው ሂሱን ለሌላ ቢተወው ይሻላል።

ሂሱ ከወጣ በኋላ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። የገጽ ቁጥር ተሳስታችሁ ወይም አንድን ድርጊት ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጥታችሁ ከሆነ ወዲያው አርሙ፣ መታረሙንም ግለጹ። ፍርዱን እንድታለዝቡት ከጠየቀ ግን ቃላችሁን አትለውጡ፤ በአደባባይም አትከራከሩት፣ ሌሎች ሂሱን ተንተርሰው ሲያብጠለጥሉትም አብራችሁ አትዝመቱ። ለጥቂት ሳምንታት ቢርቃችሁ ደጋግሞ መደወልና ማብራሪያ መደርደር ቁስሉን ይነካካዋል፤ ሌላ ጉዳይ ሲኖራችሁ እንደ ወትሮው ደውሉለት፣ መጽሐፉን ግን እሱ ካላነሳው አታንሱበት። ሲያነሳው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ ስለ አንድ የተወሰነ ገጽ ነው፤ ያኔ በብጣሽ ወረቀት ምልክት ያደረጋችሁበትን መጽሐፍ አውጥታችሁ ገጹን አብራችሁት አንብቡ።