የባልዲው ቁጥርና የመዝገቡ ቁጥር፦ የዓሣ ወጥ ቤት የበረኪና ውኃ፣ በረሮና የጽዳት መዝገብ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ማለዳ። በአሞራ ገደል ከጀልባ የወረደ ዓሣ ሲበለት።]

ተራኪ፦ ሐዋሳ ውስጥ ዓሣ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ከሌሎች ወጥ ቤቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቆሮሶው ገሚሱ ይጠበሳል፣ ገሚሱ ለሾርባ ይውላል፤ ነገር ግን በአዋዜና በሎሚ ጥሬውን የሚያዝ ደንበኛም አይጠፋም። የሚጠበሰው ዓሣ መክተፊያው ላይ ጀርም ቢነካው እሳት ያገኘዋል፤ ጥሬው ግን ከመክተፊያው የወሰደውን ይዞ ነው ገበታ ላይ የሚቀርበው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው መክተፊያው የሚነከርበትን የበረኪና ውኃ፣ ያ ውኃ በትክክል መለካቱን የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከዚያም እግረ መንገዳችንን ይኸው መዝገብ በረሮን እንዴት እንዳጋለጠ ነው። ታሪኩ ለሦስት ወር ያህል አብሬ የሠራሁበት፣ ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ ወጥ ቤት ነው።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ መስመር ወረቀት። በሁሉም ረድፍ «100» ተጽፏል።]

ተራኪ፦ መጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ መዝገብ እጅግ የሚያምር ነበር። በእያንዳንዱ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የበረኪናው ውኃ መጠን 100 ፒፒኤም ተብሎ፣ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶና በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ፒፒኤም ማለት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን መጠን በሚሊግራም ሲገለጽ ነው። ለመክተፊያ፣ ለቢላዋና ለጠረጴዛ በብዙ መመሪያዎች የሚፈለገው ከ50 እስከ 100 ነው። ይሁን እንጂ ማንም ሰው በእጁ ያዘጋጀው ውኃ ለወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሲለካ አንድ ጊዜ እንኳ 75 ወይም 50 ሳያሳይ ሊቀር አይችልም። የአካባቢ ጤና ተቆጣጣሪ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያይ ቅጠሎቹን አይገልጥም፤ «የመለኪያ ወረቀቱን አምጡና አሁን ለኩልኝ» ይላል።

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። የመለኪያ ወረቀቱ ማሸጊያ አልተከፈተም።

[ምስል፦ ባልዲ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ አልባ ስሪንጅ፣ የበረኪና ጠርሙስ።]

ተራኪ፦ ስሌቱ ቀላል ስለሆነ አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። የጠርሙሱ ምልክት 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በረኪና ውስጥ 50 ሚሊግራም ያህል ክሎሪን አለ ማለት ነው። ባልዲው 10 ሊትር ውኃ ከያዘና በየሊትሩ 100 ሚሊግራም ከፈለግን፣ በጠቅላላው 1000 ሚሊግራም ያስፈልገናል። 1000ን ለ50 ስናካፍል 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም አንድ ሙሉ ስሪንጅ ነው። ምልክቱ 4 በመቶ የሚል ከሆነ በዚያው ስሌት 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የባልዲው 10 ሊትር የሚደርስበት ቦታ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር ይሰመርበት፤ በዓይን ግምት የተሞላ ባልዲ ስሌቱን ከንቱ ያደርገዋል።

በዚህ ወጥ ቤት ግን መለኪያው «ሁለት ክዳን» ነበር። የጠርሙስ ክዳን ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከዚያ የባሰው፣ በረኪናው ከትልቅ ጄሪካን ተቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ መስኮት ሥር መቀመጡ ነበር። በረኪና ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው እያደር ኃይሉን ያጣል፤ ብርሃን የሚያስገባ ጠርሙስም ይህን ያፋጥነዋል። (ሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ በረኪናን ውኃ መስሎት የሚጠጣ ሰው ሊኖር እንደሚችል ሳይዘነጋ።) ከዚያ ጠርሙስ 20 ሚሊ ሊትር በትክክል ለክተን በ10 ሊትር ውኃ ስንበርዘው ወረቀቱ ያሳየው 50 ነበር። በረኪናው ግማሽ ኃይሉን አጥቷል። አዲስ ጠርሙስ ከፍተን በዚያው መጠን ስንሠራ 100 አሳየ።

[ምስል፦ የመለኪያ ወረቀት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ወዲያው ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር ሲነጻጸር።]

ተራኪ፦ ወረቀቱ በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ ተነክሮ፣ ሳይራገፍ፣ በተባለው ሰከንድ ውስጥ ይነበባል። ዘግይቶ የተነበበ ወረቀት ቀለሙ ይለወጣል። ክሎሪኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ የአንዳንዱ ወረቀት ቀለም ታጥቦ ነጭ ሊመስል ስለሚችል፣ ብዙ በረኪና የጨመረ ሰው «ምንም የለውም» ብሎ ሌላ ሊጨምርበት ይችላል። የማሸጊያው ጊዜ ያለፈበት ወረቀትና እርጥብ እጅ የነካው ወረቀትም አይታመንም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 100 የነበረው ባልዲ 4 ሰዓት ላይ ሲለካ 25 ሆኖ ተገኘ። በዚህ መሐል የዓሣ ደምና ቅርፊት የያዙ ጨርቆች ተነክረውበታል። ክሎሪን ጀርምን ከቆሻሻ ለይቶ አያውቅም፤ ደሙን፣ ስቡንና ቅርፊቱን ሲያጠቃ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። መክተፊያ መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ መለቅለቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በበረኪናው ውኃ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ መቆየትና በጨርቅ ሳይደረቅ በአየር መድረቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛነፍ ውኃው በትክክል ቢበረዝም አይሠራም።

ሠራተኞቹ ለዚህ የነበራቸው መልስ «ሽታው እስኪወጣ ጨምሩበት» የሚል ነበር። ይህ ልማድ በብዙ ወጥ ቤት ስላለ ጥቂት እንቆይበት። የምናውቀው ጠንካራ የበረኪና ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪኑ ከዓሣው ፕሮቲን ጋር ሲዋሐድ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ሽታው የበረታበት ባልዲ ኃይሉ የተዳከመበት ባልዲ ሊሆን ይችላል። ከ200 በላይ የሆነ ውኃ ደግሞ እጅን ሊያቃጥል፣ ቢላዋን ሊያዝግ ይችላል፣ ሳይለቀለቅ ከቀረም በመክተፊያው ላይ የሚተወው ክሎሪን ምግቡን ይነካል። አንዲት ወጥ ሠሪ የዓሣውን ሽታ ለማጥፋት የተጨመቀ ሎሚ ባልዲው ውስጥ ስትጨምር ያየሁትም በዚሁ ሳምንት ነው። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ሎሚው ለምግቡ ይቅር።

[ምስል፦ አዲሱ መዝገብ። በአንድ ረድፍ ላይ «25» ተጽፎ ከጎኑ «ተቀየረ፣ 100» ይላል።]

ተራኪ፦ አዲሱን መዝገብ ስናዘጋጅ ዓምዶቹን አላበዛንም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የትኛው ባልዲ፣ የተነበበው ቁጥር፣ የተደረገው ነገር፣ ፊርማ። ውኃው በሚዘጋጅበት ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ይለካል፤ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ከደፈረሰ ሰዓቱ ባይደርስም ይደፋል። ቁጥሩ የሚጻፈው በተነበበበት ቅጽበት ነው። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ 25 የሚለውን ቁጥር ለማጻፍ ፈርተው ነበር፤ «ተቆጣጣሪው ሲያየው ይቀጣናል» አሉ። እኔ የማምነው የተገላቢጦሹን ነው። 25 ተጽፎ ከጎኑ «ተደፍቶ ተቀየረ፣ 100» የሚል ካለ፣ ተቆጣጣሪው ችግሩ መገኘቱንና መታረሙን ያያል። ለወር ሙሉ 100 ብቻ የሚል መዝገብ ግን የሚነግረው ማንም አለመለካቱን ነው።

[ምስል፦ ባለ ቁጥር ማጣበቂያ ወጥመድ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ።]

ተራኪ፦ በረሮው የተገኘው በዚሁ የአመዘጋገብ ልማድ ነው። ስድስት ማጣበቂያ ወጥመዶችን ከ1 እስከ 6 ቁጥር ሰጥተን፣ በረሮ የግድግዳ ጥግ ተከትሎ ስለሚሄድ ከግድግዳ ጋር አስጠግተን አስቀመጥናቸው፤ በየሳምንቱም በየወጥመዱ የተያዘው ተቆጠረ። ከአምስቱ ወጥመዶች በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሲገኝ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለው 4ኛው በተከታታይ 3፣ 11 እና 19 ያዘ። ከ19ኙ አብዛኞቹ ክንፍ ያላወጡ ግልገሎች ነበሩ። ግልገል ከጎሬው ርቆ አይሄድም፤ ስለዚህ ጎሬው እዚያው ነበር ማለት ነው።

ዓይነቱ ትንሹ ቡናማ በረሮ ነው፤ ከራሱ ኋላ ሁለት ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፣ ርዝመቱም አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ይዛ ስለምትዞር፣ አንዲት በረሮ በእንቁላል ካርቶን ወይም በቢራ ሳጥን ተሸሽጋ ብትገባ በቂ ነው። ማቀዝቀዣውን ስንጎትተው የኮምፕሬሰሩ ሙቀት፣ ከቱቦ የሚንጠባጠብ ውኃና ከሥር የተከማቸ የመጥበሻ ዘይት ተገኙ፤ ሙቀት፣ ውኃና ምግብ በአንድ ቦታ። የጽዳት መርሐ ግብሩ «ከማቀዝቀዣ ጀርባ፣ በየወሩ» ይላል፤ ፊርማም አለው። ዘይቱ ግን የአንድ ወር አይመስልም።

[ምስል፦ ጄል በትንንሽ ነጠብጣብ በስንጥቅ ውስጥ ሲደረግ።]

ተራኪ፦ ከዚያ በፊት ወጥ ቤቱ የሚታወቀውን የሚነፋ መድኃኒት በየሳምንቱ ይረጭ ነበር። የሚነፋው ፊት ለፊት ያገኘውን ቢገድልም ሌላውን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ያባርረዋል፣ የምግብ መሥሪያውንም ይመርዛል። የተተካው በጄል መልክ የተዘጋጀ፣ በረሮው በልቶ ወደ ጎሬው የሚወስደው ማጥመጃ ነው። በዚህ ላይ ጽዳቱ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይጣላ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዘይቱ ካልጸዳ በረሮው ጄሉን ትቶ ዘይቱን ይበላል፤ ጄሉ የተደረገበት ስንጥቅ በበረኪና ጨርቅ ከተወለወለ ወይም መድኃኒት ከተነፋበት ደግሞ በረሮው ይሸሸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው ተጠገነ፣ ዘይቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና ተፋቀ፣ ደረቀ፤ ጄሉ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ጄሉ ያለባቸው ስምንት ነጥቦች በወጥ ቤቱ ንድፍ ላይ ምልክት ተደረገባቸው፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑና ያደረገው ሰው ስምም በመዝገቡ ገባ። መርሐ ግብሩ ላይ ከማቀዝቀዣ ጀርባ ያለው ጽዳት ከየወሩ ወደ የሳምንቱ ተዛወረ፤ ፊርማውም የሚፈረመው ማቀዝቀዣው ከግድግዳው ከተጎተተ በኋላ ነው።

በቀጣዮቹ አምስት ሳምንታት 4ኛው ወጥመድ 14፣ 6፣ 2፣ 0 እና 0 አሳየ። በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ በር አጠገብ ያለው 2ኛው ወጥመድ አንድ ትልቅ በረሮ ያዘ። ኃላፊዋ ማንም ሳይነግራቸው ቁጥሩን ጻፉ፤ ከጎኑም «ሐሙስ የገባ የቢራ ሳጥን በር ላይ ነበር፣ ወደ ውጭ መጋዘን ተወሰደ» ብለው ፈረሙ።