«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

የተከበራችሁ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የሕዝብ ግንኙነትና የገበያ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሁለት ስላይዶች ብቻ ነው። ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም አበላሽቻቸው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቡና ገዢዎች የሚቀርብ ገለጻ አዘጋጅ ተብዬ፣ የመጀመሪያውን ስላይድ ሙሉ በሙሉ በአንድ ፎቶ ሸፈንኩት። ፎቶው ላይ እሸት ቡና የሚለቅሙ አንዲት እናት አሉ፤ ቅርጫታቸው ወገባቸው ላይ ታስሯል፣ ፊታቸው ወደ ካሜራው ዞሯል። የገለጻው ዕለት እኚህ እናት ከሌሎች የማኅበሩ አባላት ጋር ተጋብዘው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስላይዱ ሲበራ ቀና ብለው አዩና አጠገባቸው ያለችውን ልጅ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሏት። ልጅቷ «እርስዎ ነዎት እኮ እማማ» አለቻቸው። ምንም አልመለሱም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ከኋላቸው ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

ምን እንዳደረግኩ በቁጥር ልንገራችሁ። ፎቶው የመጣልኝ በቴሌግራም ነበር፤ ወርዱ 1280፣ ቁመቱ 960 ፒክስል። ፒክስል የምንለው ፎቶው የተሠራባትን አንዲት የቀለም ነጥብ ነው። ይህ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፤ አብዛኛው የስልክ ካሜራ ካልቀየርነው በዚህ ልክ ነው የሚያነሳው። የአዳራሹ ፕሮጀክተር ግን 1920 በ1080፣ ማለትም 16 ለ 9 ነበር። ፎቶውን የስላይዱን ቁመት እስኪሞላ ሳሳድገው ወርዱ 1440 ላይ ቆመ። በግራም በቀኝም 240፣ 240 ፒክስል ባዶ ቀረ። ያን ነጭ ክፍተት ማየት አልፈለግኩም። የፎቶውን የጎን እጀታ ይዤ ወደ ዳር ጎተትኩት፤ ሞላልኝ።

በዚያች ቅጽበት የሴትየዋ ፊት ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ወርዱ በአንድ ሦስተኛ ሰፋ። ጉንጫቸው ሌላ፣ አፍንጫቸው ሌላ፣ ትከሻቸው ሌላ ሆነ። እኔ ሳላውቅ ሌላ ሰው ሠርቼ እሳቸው ፊት አቀረብኩ። ለዚህ ነው የተለጠጠ ፎቶን እንደ ትንሽ የውበት ጉድለት የማላየው።

ማድረግ የነበረብኝ ይህ ነው። ፎቶውን በማዕዘኑ እጀታ ይዤ፣ ወርዱ 1920 እስኪሞላ ማሳደግ። በማዕዘን ስንጎትት ወርድና ቁመት በእኩል ምጣኔ ያድጋሉ። ያኔ ቁመቱ 1440 ይሆናል፤ ከስላይዱ 360 ፒክስል ይተርፋል። ትርፉን ክሮፕ አድርጎ መቁረጥ ነው። ከየት እንደሚቆረጥ ደግሞ ፎቶውን ማየት ይጠይቃል። በዚያ ፎቶ ላይ ከላይ ብዙ ሰማይ ነበር፤ ከታች ደግሞ ቅርጫቱ አለ። ስለዚህ አብዛኛውን ከላይ፣ ጥቂት ብቻ ከታች ቆርጬ ቅርጫቱንም እጃቸውንም ማዳን እችል ነበር። ፎቶው መቆረጥን በጭራሽ የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ቆመው ጭንቅላታቸው ላይኛው ጠርዝ ላይ ካለ፣ ባዶውን ቦታ ተዉት። ዳራውን አንድ ቀለም አድርጉና ፎቶውን ከነልኩ አስቀምጡት። ባዶ ቦታ ማንንም አያስቀይምም።

ፎቶ መለጠጡን እንዴት ታውቃላችሁ? ፓወርፖይንት ላይ ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርጉና Size and Position የሚለውን ክፈቱ። Scale Height እና Scale Width የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። እኩል ከሆኑ እናንተ አልለጠጣችሁትም። አንዱ 112፣ ሌላው 150 ከሆነ ግን ተለጥጧል። እዚያው ያለው Reset ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ይህ መንገድ አንድ የማያየው ነገር አለ። ፎቶው እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው ለጥጦት ከነበረ፣ ወይም ከተለጠጠ ስላይድ ላይ በስክሪንሾት ተወስዶ ከሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆነው ፎቶው የተበላሸ ነው። ያኔ ክብ ነገር ፈልጉ። የመኪና ጎማ፣ ሰፌድ፣ ከላይ የተነሳ ሲኒ፣ ባንዲራችን መሐል ያለው ሰማያዊ ክብ፤ ቀጥ ብሎ የተነሳ ክብ ነገር እንቁላል መስሎ ከታያችሁ ፎቶው ተነካክቷል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አስተካክላለሁ ብሎ ከመድከም ያነሳውን ሰው ዋናውን መጠየቅ ይሻላል።

ወደ እኚያ እናት ፎቶ ልመለስ፤ ምክንያቱም መለጠጡ የጥፋቴ ግማሽ ነበር። ወርዱ 1280 የነበረውን ወደ 1920 ሳሳድገው፣ ፕሮግራሙ በሁለት ነጥብ ቦታ ሦስት ነጥብ ማስቀመጥ ነበረበት። የጎደለውን የሚሞላው በግምት ነው። ስለዚህ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ጠፋ፣ የቅርጫቱ ስፌት ጭቃ መሰለ። የሚያሳዝነው፣ ፎቶ አንሺው ዘንድ ያለው ዋናው ፋይል 4000 በ3000 ነበር። ይህን ያህል ነጥብ ያለው ፎቶ ስላይዱን ለመሙላት ማደግ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ይቀነሳል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ለኢንተርኔት እንዲቀል ረጅሙን ጎን ወደ 1280 የሚያወርድበት መንገድ አለው። ስለዚህ ላኪውን «በፋይል ላክልኝ» በሉት። አባሪ ምልክቱን ነክቶ File የሚለውን መርጦ ሲልከው እንደተነሳ ይደርሳችኋል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የፎቶ ማስዋቢያ በላይ ሥራዬን አሻሽሎታል።

ለባነር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ያንኑ 1280 ፒክስል በ3 ሜትር ወርድ ብታሳትሙት አንዷ ነጥብ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች፤ ከጤፍ ፍሬ ትበልጣለች ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ፊቱን ሳይሆን ነጥቦቹን ያያል። ከ4000ው ብታሳትሙት ግን ነጥቧ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ትወርዳለች፤ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ለሚቆም ሰው ንጹሕ ነው። ማተሚያ ቤቶች «300 ዲፒአይ አድርጋችሁ አምጡ» ሲሉ ደግሞ ብዙዎቻችን ፎቶሾፕ ከፍተን ቁጥሩን 300 አድርገን እንመልሳለን። ቁጥሩን መቀየር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ፎቶው ውስጥ ስንት እውነተኛ ነጥብ አለ የሚለው ነው ጥያቄው፤ እሱን ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Properties፣ ቀጥሎ Details ውስጥ Dimensions ከሚለው ታነቡታላችሁ።

አሁን ሁለተኛው ስላይድ። ቡናው ታጥቦ የሚዘጋጅበትን ሂደት በአምስት አይኮን ላሳይ ፈለግኩ፤ መልቀም፣ መፈልፈል፣ ማብላላት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ኢንተርኔት ላይ አንድ በአንድ ፈለግኩ። ለመልቀም ባለ ቀለም፣ ጥላ ያለው እጅ አገኘሁ። ለመፈልፈል ጥቁር ድፍን ማርሽ። ለማብላላት በቀጭን መስመር የተሳለ በርሜል። ለማጠብ ከፍለጋው ገጽ ላይ በትንሹ ያስቀመጥኩት ጠብታ፤ ሲያድግ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሆነ። ለማድረቅ ያገኘሁት ፀሐይ ደግሞ ዳራ የለውም ተብሎ የወረደ ነበር፤ ስላይዱ ላይ ሳስቀምጠው ግን ግራጫና ነጭ የዳማ ሰሌዳው አብሮት ተለጥፎ መጣ።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ክፋት የለውም። አምስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ተመልካቹ ልዩነታቸው ትርጉም ያለው ይመስለዋል። ከገዢዎቹ አንዱ «ማርሹ ለምን ጠቆረ? ያ ደረጃ ችግር አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረበትም። በእኔ ምርጫ ምክንያት ግን ያልተናገርኩትን ነገር ሰማ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። አይኮን ከመፈለጌ በፊት ስንት እንደሚያስፈልገኝ በወረቀት እጽፋለሁ። ከዚያ ሁሉም የሚገኙበትን አንድ ቤተሰብ እፈልጋለሁ፤ አንድ እጅ የሳላቸውን ማለት ነው። ሦስት ነገር አያለሁ። መስመር ናቸው ወይስ ድፍን? የመስመሩ ውፍረት አንድ ነው? ማዕዘናቸው ክብ ነው ወይስ ሹል? ቀለም ኋላ አንድ ማድረግ ይቻላል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ከሥር ካልገጠሙ ማስተካከል አድካሚ ነው። የማወርደውም በኤስቪጂ ነው። ኤስቪጂ ነጥብ ሳይሆን የመስመር ትእዛዝ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ቢያድግ ጠርዙ አይሻክርም።

አንድ ቤተሰብ ሆነውም መጠናቸው ከተለያየ ዝምድናቸው ይጠፋል። ብዙ የመስመር አይኮኖች 24 በ24 በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ በ2 ነጥብ ውፍረት ነው የሚሳሉት። አንዱን በ48፣ ሌላውን በ72 ብታስቀምጡ የአንዱ መስመር 4፣ የሌላው 6 ይሆናል። ያው ቤተሰብ ሁለት መሰለ። ስለዚህ አምስቱንም በእኩል ሳጥን አስቀምጡ፤ አንዱን ጎላ ማድረግ ከፈለጋችሁ በቀለም አድርጉት።

መፈልፈያ የሚመስል አይኮን በመረጥኩት ቤተሰብ ውስጥ አልነበረም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ከሌላ ቤተሰብ አንድ የሚበደረው። አትበደሩ። እኔ አምስቱንም አይኮን አንስቼ ከ1 እስከ 5 ቁጥር በእኩል ክቦች አስቀመጥኩ፤ ከሥራቸው የደረጃውን ስም ጻፍኩ። ከአራት ትክክለኛና ከአንድ የተዋሰ አይኮን ይልቅ አምስት ንጹሕ ቁጥሮች ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ።

ፎቶዎችም እንዲሁ መዛመድ አለባቸው። በዚያው ገለጻ ላይ የማድረቂያ ፎቶ ስላልነበረኝ ከኢንተርኔት አንድ ወሰድኩ። ብርሃኑ ያማረ፣ ነጥቡ ብዙ ነበር። ግን ቡናው የተሰጣው ሰፊ ሲሚንቶ ላይ ነው። የእኛ የታጠበ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እንደሚደርቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ገዢዎቹም ያውቃሉ። ፎቶው ጥራት ቢኖረውም ስለ ሌላ አገር ቡና ነበር የሚናገረው። ሄዳችሁ አንሱ። ጣቢያው ላይ ከሆናችሁ አምስቱንም ደረጃ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ስልክ፣ ስልኩን ወደ ጎን አጋድማችሁ፣ በተቀራራቢ ርቀት አንሷቸው። የጠዋት ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፣ የእኩለ ቀኑ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ሁለቱን አንድ ስላይድ ላይ ስታጋጥሙ ሁለት ቦታ ይመስላል።

ለእኚያ እናት ፎቶውን ከ4000ው ፋይል በ20 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ያም 4 ለ 3 ስለሆነ ምንም አልተቆረጠም። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ቅርጫቱን በጣታቸው እየነኩ የሰፋችላቸውን እህታቸውን ስም ነገሩኝ። ስፌቱ አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

አሁን ይዛችሁ የመጣችሁትን ገለጻ ክፈቱ። ሰው ያለበትን የመጀመሪያ ፎቶ በቀኝ ጠቅ አድርጉና ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡልኝ፤ ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር።