7ቱ፣ 15ቱ እና የፎገራ ሩዝ

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቃችሁን ለልጅ ትታችሁ መምጣታችሁ ቀላል አይደለም። ቶሎ እለቃችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አንዲት በርበሬ የሚነግዱ እናት አስቆሙኝ። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ስሠራ ያውቁኛል፤ ጡረታ ከወጣሁም አልለቀቁኝም። «ስማ እስቲ ልጄ» አሉኝ። «ብሔራዊ ባንክ ወለድ 15 ነው ብሏል ይላሉ። የኔን ብር ግን ባንኩ በ7 ነው የሚይዘው። 8ቱ የት ገባ?»

ቆሜ ልመልስላቸው ሞከርኩ፤ ዕቃ የተሸከመ ልጅ መሀላችን ገባና ሳንጨርስ ቀረን። ዛሬ ለእሳቸውም ለእናንተም ልጨርሰው።

መጀመሪያ 15ቱ የማን እንደሆነ እንወቅ። የእኔም የእናንተም አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አሠራሩን ሲቀይር ያወጣው፣ እሱና ንግድ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ተመን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ጨረታ ይወጣል። ባንኮች እጅ ላይ ብር ሲበዛ በዚህ ጨረታ ይሰበስባል፤ ሲያንስ ይሰጣል። ከጨረታው ውጪ ደግሞ ሁለት በሮች አሉ። ብር ተርፎት ያደረ ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ቢያስቀምጥ 12 በመቶ ያገኛል። ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ የጎደለው ባንክ ደግሞ በ18 በመቶ ተበድሮ ያድራል። ከ15 ሦስት ወደ ታች፣ ሦስት ወደ ላይ ማለት ነው።

ለምን ሁለት በር? እኔ ባንክ ብሆን፣ ብሔራዊ ባንክ 12 እየከፈለኝ ለጎረቤት ባንክ በ10 አላበድርም። እዚያ በ18 እያገኘሁ ደግሞ ከጎረቤት በ20 አልበደርም። ስለዚህ በባንኮች መካከል ያለው የብር ዋጋ በ12 እና በ18 መካከል ይዋልላል። ማንም ሳያስገድደው ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ሥርዓቱ ይሠራል። ችግሩ ከዚህ በታች፣ ወደ እኛ ሲወርድ ነው።

ቁጠባን እንውሰድ። 7ቱ ከ15ቱ የተቀነሰ ቁጥር አይደለም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲረክስ ሲደረግ፣ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከፍ አደረገ። 7ቱ የመጣው ያኔ ነው። ወለል ነው፤ ከዚህ በታች አትክፈሉ የሚል ነው። ከዚህ በላይ አትክፈሉ አይልም። ግን ባንኮች ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ለምን አይቀመጡ? እኛ ብር የምናስገባው ለወለዱ ብለን አይደለም። ቤት ሌባ አለ፣ ደመወዝ በባንክ ነው፣ ነጋዴውም በሞባይል ነው የሚያስተላልፍ። ወለድ ቢጨምሩም ባይጨምሩም እንሄዳለን። ዝም ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ ዋጋ የሚጨምር ማን አለ?

ለሚደራደር ግን ይጨምራሉ። ሚሊዮኖች ይዞ ሄዶ «ለአንድ ዓመት አልነካውም፣ ስንት ትከፍላላችሁ?» የሚል ሰው ከ7 በላይ ያገኛል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚሉት ነው። 15ቱ የሚሰማው እዚህ ጋ ነው። ባንኩ ብር ሲያጥረው ከብሔራዊ ባንክ በ18 ከሚበደር ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ደህና ወለድ ቢከፍል ይሻለዋል። እና እናቴ፣ የእርስዎ 8 አንዱ ክፍል የገባው እዚያ ነው። ሌላው ለሠራተኛ፣ ለቅርንጫፍ ኪራይ፣ ላልተመለሰ ብድር ማካካሻ ይሄዳል። የቀረው ትርፍ ነው። እዋሻለሁ ብል ትታዘቡኛላችሁ።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በሰኔ 2017 ዓ.ም. 107 ሺህ ብር አለው። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ነበር። ያኔ በ100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ 114 ሺህ ገባ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ 7 ሺህ ጨምሯል፤ ገበያ ላይ 7 ሺህ ይጎድለዋል። ማንም አልሰረቀውም። ደብተሩን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ሱቅ ሲገባ ይደነግጣል።

አሁን ወደ ብድር።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እስቲ እናስላው። 600 ሺህ ብር፣ ለ3 ዓመት፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ። በ15 በመቶ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 20,800 ብር ነው። በ18 በመቶ ወደ 21,700 ይወጣል። ልዩነቱ በወር 900 ብር አካባቢ ነው። በሦስት ዓመት 32 ሺህ ብር ይሆናል። ትንሽ አይደለም። ግን ንግዱን የሚዘጋ ልዩነት አይደለም፤ ደህና የሚሸጥ ሱቅ ይህን ይችለዋል።

ታዲያ ንግድ የሚዘጋው ምኑ ነው? ብድሩ አለመገኘቱ።

ይህን ከራሴ ልናገር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ጣሪያ አወጣ። የአንድ ባንክ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ አለ። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ከፎገራዋ ወረታ ሩዝ እያመጣ ባሕር ዳር የሚያከፋፍል። መያዣው ቤት ነው፣ ግብሩን ከፍሏል፣ የቀድሞ ብድሩን አንድ ቀን አላሳለፈም። ፋይሉ ጸደቀ። እኔም ደውዬ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ከዚያ ብሩ አልተለቀቀም። በየሳምንቱ ይመጣል፣ በየሳምንቱ «ጣሪያው ሞልቷል፣ ትንሽ ታገስ» እለዋለሁ። ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥም አለፈ። የአጨዳው ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ ከሰው ተበደረ። ስንት እንደከፈለ አልነገረኝም፤ ፊቱን አይቼ አልጠየቅሁትም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። 15ቱን ስንሰማ ብድር የሚጠብበው በእሱ ይመስለናል። በእኛ አገር ግን በእነዚያ ዓመታት የጠበበው በጣሪያው ነው። ጣሪያው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ሲል ተመኑ እዚያው 15 ላይ ነበር። ወለዱ አንድም ነጥብ ሳይነቃነቅ ብድር ሊላላ ይችላል ማለት ነው። የቱ እንደያዛችሁ ለማወቅ ባንኩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ወለዱን ከፍ ባደርግ ታበድሩኛላችሁ?» አዎ ካለ የያዛችሁ ዋጋው ነው። «ብትጨምርም የለም» ካለ የያዛችሁ ጣሪያው ነው፤ ስለ ተመኑ ማንበብ ያኔ ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ዋጋ ልግባ፤ የሩዙን ሰውዬ አልጨረስነውም።

ፎገራ ላይ ሩዝ የሚታጨደው አንድ ሰሞን ነው፣ የሚበላው ዓመቱን ሙሉ ነው። መሀሉ ላይ ብር አውጥቶ የሚያከማች ሰው ያስፈልጋል። እንበል አንድ ኩንታል በ6 ሺህ ብር በ18 በመቶ ብድር ገዛ። በወር 1.5 በመቶ ነው፣ 90 ብር። ስድስት ወር ቢያስቀምጠው 540 ብር ወለድ ብቻ ተጫነበት። መጋዘን፣ ጆንያ፣ አይጥ የበላው አልተቆጠረም። ስለዚህ ክረምት ላይ ቢያንስ ከ6,540 በታች መሸጥ አይችልም።

ወለድ ሲጨምር ይህ ነጋዴ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ አጨዳ ላይ ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ያከማቸውን ቶሎ ያወጣል፤ ዋጋ ይጨምራል ብሎ መደበቅ አያዋጣውም። በዚህ በኩል ዋጋ ይረጋጋል፤ ብሔራዊ ባንክም የሚፈልገው ይህንን ነው። ግን የሚያከማች ሰው ካነሰ ክረምት ላይ ሩዝ ይጠፋል፣ ያኔ ደግሞ ዋጋው ይወጣል። ያው ወለድ ጥር ላይ ዋጋ አውርዶ ነሐሴ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ለዚህ ነው ከአንድ ወር ዋጋ ተነስታችሁ «ሠራ» ወይም «አልሠራም» እንዳትሉ የምለው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ ያለውን የጨራ ጨራ ግድብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በሩ ሲከፈት ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው ወዲያው አይጨምርም፤ መንገዱን መሄድ አለበት። ወደ ሐይቁ በሚገባው ግልገል ዓባይ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ ደግሞ በሩ አያዘውም። ተመኑም እንዲሁ ነው። በብድር የሚገዛውን፣ በብድር የሚከማቸውን፣ በብድር የሚገነባውን ይነካል። ለብሎኬት፣ ለቆርቆሮ፣ ለመኪና ይሰማል። ሐይቁ ላይ በታንኳ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምደው ልጅ ግን አይሰማም። እሱ ከባንክ አልተበደረም። የእሱን ዋጋ የሚወስነው ጾሙና መረቡ ነው፣ እምቦጩ ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። እምቦጭ የብሔራዊ ባንክን መግለጫ አያነብም። ነዳጅ ሲጨምር፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ብር ሲረክስ ለሚመጣ ዋጋም ወለድ መድኃኒቱ ደካማ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የብድር ውላችሁ ውስጥ ባንኩ ወለዱን በማንኛውም ጊዜ ማሻሻል እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ስንፈርም አናነበውም፤ እኔም ደንበኛ ሳስፈርም ጮክ ብዬ አላነበብኩትም፣ ይቅርታ። 15ቱ ከፍ ቢል ወደ እናንተ የሚገባው በዚያ አንቀጽ ነው። ሁለት ነገር እዩበት፦ ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቁ እንደሆነና ወለዱ ሲጨምር የሚያድገው ወርሃዊ ክፍያው ነው ወይስ የክፍያ ዘመኑ። ዘመኑ የሚረዝም ከሆነ በየወሩ ምንም ሳይሰማችሁ ዕዳው ይቆያል።

ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጡት። መነጽሬን ላድርግና ከፊት መስመር እንጀምር።